የተፈጥሮ ፍትሕ ጥያቄን እንዴት መመርመር ይቻላል? የመሰማት መብትና የአድልዎ ክልከላ ለአንደኛ ዓመት ተማሪ

የሕግ ትምህርት የጀመረ ተማሪ ስለ ተፈጥሮ ፍትሕ ሲጠየቅ ሁለቱን መርሆች ለመናገር አይቸገርም። ማንም ሰው ሳይሰማ ሊፈረድበት አይገባም፤ ማንም ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን አይገባም። የሚቸገረው አንድ ታሪክ ቀርቦለት መርሆቹ ተጥሰው እንደሆነ እንዲለይ ሲጠየቅ ነው። ብዙውን ጊዜ ሰውየው ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም ወደሚለው ክርክር ይገባና የተጠየቀውን ጥያቄ ሳይነካ ወረቀቱን ይመልሳል። ከዚህ ቀጥሎ የምርመራው ቅደም ተከተል በአንድ ምሳሌ ላይ ተሠርቶ ቀርቧል። ምሳሌው ለትምህርት የተዘጋጀ እንጂ የተፈጸመ ጉዳይ አይደለም።

ምሳሌው

በሰሜን ሸዋ፣ በሸዋሮቢት አካባቢ፣ በመስኖ ሽንኩርት የምታለማ አንዲት ገበሬ አለች እንበል። የአካባቢው ገበሬዎች የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አላቸው፤ ውሃው በተራ ይከፋፈላል፤ ተራውን የሚያስከብርና ደንብ የጣሰውን የሚቀጣ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴም አለ። አንድ ቀን ጠዋት የቦዩ በር ተሰብሮ ይገኛል። የውሃ ጠባቂው የገበሬዋን ልጅ ሌሊት በሩ አጠገብ አይቼዋለሁ ብሎ ለኮሚቴው ይናገራል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ገበሬዋን ገበያ ላይ ያገኛትና «ነገ ጠዋት ስብሰባ ስላለ እንዳትቀሪ» ይላታል። ስትቀርብ «በሩን ለምን ሰበርሽው?» ተብላ ትጠየቃለች፤ እኔ አልሰበርኩም ትላለች፤ ውጭ ቆይ ትባላለች። ጠባቂው ግን ከአባላቱ ጋር እዚያው ይቀራል። ከሰዓት በኋላ የሁለት ወር የውሃ ተራዋ እንደ ተቋረጠ የሚገልጽ ደብዳቤ ይደርሳታል። ተራዋም ማሳው ከእሷ ማሳ በታች ለሚገኘው ለሰብሳቢው ይሰጣል።

አንደኛ፦ ጥፋቱን ከአካሄዱ ይለዩ

በመጀመሪያ በረቂቅ ወረቀትዎ ላይ «በሩን ማን ሰበረው?» የሚለውን ጥያቄ ይጻፉና ይሰርዙት። የተፈጥሮ ፍትሕ የሚመረምረው ውሳኔው የተሰጠበትን መንገድ ነው። ልጇ በሩን በእርግጥ ሰብሮት ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ባጠፋው እናቱ ልትቀጣ ይገባል ወይ የሚለውም ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ሁለቱም ግን በዚህ ምርመራ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

በዚሁ ደረጃ ውሳኔው የነካው ጥቅም ምን ያህል ክብደት እንዳለው ይመዝኑ፤ የመሰማቱ ስፋት የሚወሰነው በዚህ ነውና። ሽንኩርት ሥሩ ከመሬት በታች ብዙ ስለማይዘልቅ በቆላ ፀሐይ ውሃ ሳያገኝ ሊሰነብት አይችልም። ስለዚህ የሁለት ወር ቅጣት በወረቀት ላይ ጊዜያዊ እገዳ ቢመስልም በተግባር የዓመቱን ሰብል ማጣት ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ከተራ ማስጠንቀቂያ የበለጠ ጥንቃቄ ያለው አካሄድ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፦ ሰውዬዋ የተከሰሰችበትን ነገር አስቀድማ ታውቅ እንደነበር ይጠይቁ

ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ገበሬዋ ተጠርታለች፣ ተጠይቃለች፣ መልስ ሰጥታለች፤ ስለዚህ ተሰምታለች ብለው ይደመድማሉ። መሰማት ግን በስብሰባ ላይ ተገኝቶ አንድ ቃል መናገር ብቻ አይደለም። ሰው የማያውቀውን ክስ ሊከላከል አይችልም።

ምሳሌውን መልሰው ያንብቡት። ገበያ ላይ የተነገራት ስብሰባ መኖሩ ብቻ ነው፤ ስለ ምን እንደሆነ አልተገለጸላትም። ስብሰባው ላይም በሩን ሰብረሻል ተባለች እንጂ ጠባቂው ስለ ልጇ የተናገረው አልተነበበላትም። እንግዲህ ልጇ በዚያ ሌሊት ደብረ ብርሃን ዘመድ ቤት አድሮ ነበር እንበል። ይህ ማስረጃ ክሱን ሊያፈርሰው ይችል ነበር፤ ነገር ግን የልጇ ስም መነሣቱን ስላላወቀች ልታነሣው የምትችልበት ምክንያት አልነበራትም። «እኔ አልሰበርኩም» ያለችው ለአንድ ክስ ሲሆን የተፈረደባት በሌላ ክስ ነው። በመልስ ወረቀትዎ ላይ እንዲህ ያለውን ክፍተት በግልጽ ማሳየት መርሁን አሥር ጊዜ ከመጥቀስ ይበልጣል።

ትክክለኛው ማሳወቂያ ምን ሊመስል እንደሚገባ በወረቀት ላይ መሞከር ክፍተቱን ለማየት ይረዳል። ኮሚቴው እንዲህ ብሎ ሊጽፍላት ይችል ነበር፦

«ባለፈው ሐሙስ ሌሊት የቦዩ በር ተሰብሮ ተገኝቷል። የውሃ ጠባቂው በዚያ ሌሊት ልጅዎን በሩ አጠገብ እንዳየው የገለጸ ሲሆን፣ የሰጠው ቃል ግልባጭ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ጥፋቱ ከተረጋገጠ በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት የውሃ ተራዎ እስከ ሁለት ወር ሊቋረጥ ይችላል። በሚቀጥለው ሐሙስ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቀርበው መልስዎን እንዲሰጡ፣ ምስክርና ማስረጃ ካለዎትም ይዘው እንዲመጡ እናሳውቃለን።»

ደብዳቤው የሆነውን ነገር፣ የቀረበውን ማስረጃ፣ ሊከተል የሚችለውን ቅጣት እንዲሁም ለመዘጋጀት የሚበቃ ጊዜ ይዟል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የመሰማት መብቱ መጓደሉን መጠርጠር ይገባል።

የማኅበሩ ደንብ «አባሉ ይሰማ» የሚል አንቀጽ ባይኖረውስ? እ.ኤ.አ. በ1863 በእንግሊዝ አገር የተወሰነው የኩፐር ጉዳይ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። በለንደን የዎንድስዎርዝ የሥራዎች ቦርድ የኩፐርን ግንባታ አስቀድሞ በሕጉ መሠረት አላሳወቀም በሚል አፈረሰበት። ሕጉ የማፍረስ ሥልጣን ሰጥቶ ነበር፤ ከማፍረስ በፊት ባለቤቱን ስለ መስማት ግን ምንም አላለም። ፍርድ ቤቱ ሕጉ ዝም ማለቱ ሰውን ሳይሰሙ ንብረቱን ለማፍረስ ፈቃድ እንዳልሆነ ገልጾ ለኩፐር ፈረደ። የእንግሊዝ ፍርድ በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ባይሆንም፣ ምክንያቱ በክርክር ላይ ሊጠቀስ ይችላል።

ሦስተኛ፦ የወሳኞቹን ወንበር ይመርምሩ

አሁን ገበሬዋን ይተውና ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጡትን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ስለ እያንዳንዳቸው የሚጠየቀው ከውሳኔው የሚያገኙት ጥቅም ስለ መኖሩ፣ ከተከራካሪዎቹ ጋር ስላላቸው ግንኙነትና በጉዳዩ ውስጥ ስለነበራቸው ሌላ ሚና ነው።

ሰብሳቢው የገንዘብ ጥቅም አለው፤ ከእሷ የተወሰደው ውሃ ወደ ማሳው ገብቷል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1852 የተወሰነው የዳይምስ ጉዳይ ይጠቀሳል፤ እሱም እንደ አጋጣሚ የቦይ ጉዳይ ነበር። የእንግሊዝ ከፍተኛ ዳኛ ሎርድ ኮተንሃም ለአንድ የቦይ ኩባንያ ፈርደው ነበር፤ በኩባንያው ውስጥ ግን አክሲዮን ነበራቸው። ይግባኙን የሰማው የጌቶች ምክር ቤት ሎርድ ኮተንሃም በጥቅሙ ተስበዋል ብሎ የሚጠረጥር ሰው እንደሌለ እየገለጸ ፍርዱን ሻረው። ስለዚህ ቀጥተኛ የገንዘብ ጥቅም ሲኖር ሰብሳቢው ቅን ሰው ነው ወይ ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ ጥቅሙ መኖሩ ብቻውን ከወንበሩ ያስነሣዋል።

የጠባቂው ጉዳይ ረቀቅ ይላል። እሱ የኮሚቴው አባል አይደለም፤ ድምፅም አልሰጠም። ምናልባትም ገበሬዋ ከወጣች በኋላ አንድም ቃል አልተናገረ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1923 በእንግሊዝ በተወሰነው የሰሴክስ ዳኞች ጉዳይ የሆነው ከዚህ ጋር ይቀራረባል። አንድ ሞተረኛ በግጭት ምክንያት በአደገኛ አነዳድ ተከሶ ነበር፤ የችሎቱ ጸሐፊ ደግሞ በዚያው ግጭት ሞተረኛውን ካሣ ለመጠየቅ ለሌላው ወገን በቆመ የጠበቆች ድርጅት ውስጥ ሽርክና ነበረው። ዳኞቹ ለመወሰን ወደ ጓዳ ሲገቡ ጸሐፊው አብሯቸው ገባ፤ አስተያየት አልጠየቁትም፣ እሱም አልሰጠም። ሆኖም ሞተረኛው ጥፋተኛ የተባለበት ፍርድ ተሻረ፤ ምክንያቱም ፍትሕ መሠራቱ ብቻ አይበቃም፣ ሲሠራም በግልጽ መታየት አለበት። በእኛ ምሳሌ ከሳሽም ምስክርም የሆነው ሰው በሩ ሲዘጋ ውስጥ ቀርቷል። መለኪያው ጉዳዩን አውቆ በቅን ልቡና የሚያይ የውጭ ሰው የአድልዎ ዕድል በእርግጥ አለ ይላል ወይስ አይልም የሚለው ነው። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለ ሰው ይህን አይቶ አያመነታም።

አንድ ወሳኝ ተከራካሪውን ስላወቀ ብቻ ግን ይነሣ አይባልም። በአንድ ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬዎች ሁሉ ይተዋወቃሉ፤ በሰንበቴና በዕድር ይገናኛሉ። እያንዳንዱን ትውውቅ አድልዎ ካልን የሚፈርድ ሰው አይገኝም። ጠብ፣ የቅርብ ዝምድና ወይም አስቀድሞ የተገለጸ አቋም ሲኖር ነው ጥያቄው የሚጠነክረው።

አራተኛ፦ የኮሚቴውን መልስ አስቀድመው ያስቡ

ኮሚቴው አስቸኳይ ነበር ሊል ይችላል። አስቸኳይነት የሚያጸድቀው አስቸኳይ የሆነውን እርምጃ ብቻ ነው፤ የተሰበረውን በር በዚያው ቀን መጠገንና ጠባቂ መጨመር ይቻል ነበር፤ ሁለት ወር መቅጣት ግን ቀናት ጠብቆ ሊወሰን የሚችል ነው። ብትሰማም ውሳኔው አይለወጥም ነበር ሊልም ይችላል፤ ስለ ደብረ ብርሃን የተነሣው ማስረጃ ይህን መልስ ያዳክመዋል። ጠንካራ ሊሆን የሚችለው ገበሬዋ ሰብሳቢው ጎረቤቷ መሆኑን እያወቀች አልተቃወመችም የሚለው ክርክር ነው። መብቱን እያወቀ ዝም ያለ ሰው እንደተወው ሊቆጠር ይችላልና። ሆኖም ተራዋ ለእሱ እንደሚሰጥ ስብሰባው ላይ ታውቅ እንደነበር ታሪኩ አያሳይም፤ ያላወቀችውን ልትተው አትችልም።

አምስተኛ፦ ሕጉንና መፍትሔውን ይለዩ

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ሁለቱንም መርሆች ይዟል፤ የወጣው ግን ለፌዴራል የአስተዳደር ተቋማት ስለሆነ በሰሜን ሸዋ ያለን የገበሬዎች ማኅበር በቀጥታ ይገዛል ብለው አይጻፉ። በቅድሚያ የሚታዩት የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ ማኅበሩ የተቋቋመበት ሕግና የክልሉ ሕጎች ናቸው። ጉዳዩ በፍርድ ሊወሰን የሚገባው ሲሆን ወደ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት ደግሞ በኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ተደንግጓል።

ጥሰቱ ከተረጋገጠ የሚጠየቀው ውሳኔው እንዲሻርና ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ነው። ገበሬዋ ንጹሕ ናት ተብሎ አይወሰንም፤ በትክክል ከተሰማች በኋላ ያው ቅጣት ሊወሰንባት ይችላል። እስከዚያ ድረስ ግን የውሃ ተራዋ ሊመለስላት ይገባል፤ አለበለዚያ አዲሱ ውሳኔ የሚሰጠው ሽንኩርቱ ከደረቀ በኋላ ነው። በድጋሚ ስብሰባው ሰብሳቢው አይቀመጥም፤ ጠባቂው ቃሉን በገበሬዋ ፊት ሰጥቶ፣ በጥያቄዋም ተፈትኖ ይወጣል። የፊተኛውን ውሳኔ የሰጡት አራቱ አባላት አቋማቸውን አስቀድመው ስላሳወቁ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ከሌላ ቦይ ተጠቃሚዎች መካከል አዳዲስ ሰዎች ቢመርጥ የተሻለ ይሆናል።