ጅማ ለምትገኙ አዲስ የሰው ሀብት ኦፊሰሮች፦ aPHRi ወይስ PHRi?

ሁለቱም HRCI የተባለው ተቋም የሚሰጣቸው ዓለም አቀፍ የሰው ሀብት ሙያ ብቃት ማረጋገጫዎች ናቸው፤ ግን አታምታቷቸው። aPHRi የሥራ ልምድ አይጠይቅም፤ ትናንት የተቀጠረም መፈተን ይችላል። PHRi ግን ማስተርስ ላለው 1፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው 2፣ ዲግሪ ለሌለው 4 ዓመት በሰው ሀብት ሙያ የተገኘ ልምድ ይፈልጋል።

ለምሳሌ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኔጅመንት ተመርቃ 26 ወር የሠራች ልጅ እንውሰድ። ላይ ላዩን ሲታይ ለPHRi ትበቃለች። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹን 10 ወራት ፋይል ስታደራጅና ደብዳቤ ስትተይብ ከነበረ፣ ያ የጽሕፈት ሥራ እንጂ ሙያዊ ልምድ ተብሎ አይያዝም። የሚቆጠርላት 16 ወር ብቻ ነው፤ ለጊዜው የሚያዋጣት aPHRi ነው።

የልምድ ደብዳቤ ስታስጽፉ «በክፍሉ ሠርታለች» በሚል ብቻ አትቀበሉ (የተለመደው ግን ይኸው ነው)። ቅጥር፣ ቅሬታ፣ ሥልጠና፣ የትኛውን ከመቼ እስከ መቼ እንደያዛችሁ ይጻፍ።