ሥራ ሲዛወር የቤት ኪራይ ውልን ተተኪ ተከራይ አቅርቦ ማቋረጥ

የዝውውር ደብዳቤ ከእጅዎ ሲገባ ለአከራዩ ደውለው «ልወጣ ነው» ከማለትዎ በፊት ውልዎን ያውጡና የማስጠንቀቂያውን አንቀጽ ያንብቡ። በ2016 በወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 መሠረት የመኖሪያ ቤት ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይደረጋል፤ በጽሑፍ ሆኖም ይመዘገባል። ስለዚህ እንደ ድሮው ቁልፉን አስረክቦ መሄድ ብቻ ውሉን አይዘጋውም። ዝውውርም ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ተብሎ በራሱ ከዕዳ አያወጣም። አከራዩን የሚያግባባው ቤቱ ባዶ እንደማይቀር ሲያይ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በወር 18,000 ብር የተከራየ ሰው ወደ ሐዋሳ ተዛውሯል እንበል። የዝውውር ደብዳቤው የደረሰው ጥር 5፣ ለአከራዩ ማስጠንቀቂያ የሰጠው ጥር 8፣ ከቤቱ የሚወጣው የካቲት 10 ነው። ውሉ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ የሚጠይቅ ከሆነ ኃላፊነቱ እስከ መጋቢት 8 ይዘልቃል። ከየካቲት 11 እስከ መጋቢት 8 ያለው 28 ቀን ነው። የቀኑ ኪራይ 600 ብር ስለሆነ ለማይኖርበት ቤት 16,800 ብር ይከፍላል። ተተኪው የካቲት 16 ቢገባና አከራዩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢለቀው ግን ዕዳው የአምስት ቀን፣ ማለትም 3,000 ብር ብቻ ይሆናል። ለአከራዩም ይህንኑ ስሌት ወረቀት ላይ አድርገው ያሳዩ። ልመና ከማብዛት ይልቅ ይህ ይሠራል።

መጀመሪያ ይደውሉ፣ በዚያው ሳምንት ደብዳቤውን ይስጡ። አከራዩ ውጭ አገር ሆነው ቤቱን ዘመድ የሚያስተዳድር ከሆነ የውክልናውን ወረቀት ይጠይቁ። ኪራይ እንዲቀበል ብቻ የተወከለ ሰው ውል ለማፍረስ ፈርሞ ቢሰጥዎ ፊርማው ኋላ ሊያከራክር ይችላል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«ለተከበሩ ወይዘሮ ________። በ________ ቀን በተፈራረምነው ውል የተከራየሁትን የቤት ቁጥር ____ መኖሪያ ቤት፣ መሥሪያ ቤቴ ወደ ሐዋሳ ስላዛወረኝ ከየካቲት 10 ቀን 2018 ጀምሮ ለመልቀቅ እጠይቃለሁ። የዝውውር ደብዳቤዬን ቅጂ አያይዣለሁ። በእርስዎ ተቀባይነት የሚያገኝ ተተኪ ተከራይ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ። ተተኪው ውል ከፈረመበት ቀን ጀምሮ ከቀሪው ዘመን ኪራይ ነጻ እንድሆን ስምምነትዎን በጽሑፍ እንዲገልጹልኝ እጠይቃለሁ።»

ሁለት ቅጂ ያትሙ፤ በአንዱ ላይ «ደርሶኛል» ተብሎ ቀንና ፊርማ ይስፈርበትና ይያዙት። ወይዘሮዋ መፈረም ካልፈለጉ በሁለት ምስክር ፊት ይስጡ ወይም በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ይላኩ። በቴሌግራም ፎቶውን መላክ ጥሩ ተጨማሪ ነው፣ ብቻውን ግን አይተማመኑበት።

ተተኪ መፈለጉ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማንን እንደሚያቀርብ ነው። አከራዩ ያልፈለገችውን ሰው መቀበል ግዴታዋ አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ሳይሆን ሁለት ወይም ሦስት ሰው ያቅርቡ። ከማስተዋወቅዎ በፊት ስንት ሰው እንደሚገባ፣ የት እንደሚሠራ፣ መታወቂያ ወይም ፋይዳ እንዳለው፣ ዋስ ማቅረብ እንደሚችል ይጠይቁ። የሥራ ባልደረባ ወይም ጎረቤት የሚያውቀው ሰው ከደላላ ይሻላል። ደላላ ካስገቡ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል አስቀድመው ይነጋገሩ፣ አለዚያ ቁልፍ በሚረከቡበት ዕለት በር ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል።

አሁን ዋናው ነገር። ተተኪው ቤቱ ውስጥ ገባ ማለት እርስዎ ወጡ ማለት አይደለም። አከራዩ «እሺ፣ ይግባ» ብላ በቃል ብትፈቅድ ውሉ በስምዎ እንዳለ ነው። ሰውየው በሦስተኛው ወር ኪራይ ቢያቆም፣ በር ቢሰብር ወይም የመብራት ዕዳ ጥሎ ቢሄድ፣ አከራዩ የምትጠይቀው ውሉ ላይ ስሙ ያለውን ሰው ነው። እርስዎ ከእሱ ጋር የተዋዋሉት ወረቀት ቢኖርም እንኳ እርስዎን አከራይ፣ እሱን የእርስዎ ተከራይ ያደርገዋል እንጂ ከዕዳ አያወጣዎትም። ባለዕዳን የሚለቀው ገንዘብ ጠያቂው ራሱ ሲለቅ ነው። የጽሑፍ ውል ደግሞ የሚሻሻለውም የሚቀረውም በጽሑፍ ነው።

ስለዚህ ሁለት ወረቀት ያስፈልጋል፣ ሁለቱም በአንድ ቀን ይፈረሙ። አንደኛው በእርስዎና በአከራዩ መካከል የሚደረግ የውል ማቋረጫ ስምምነት ነው። በውስጡ የቀድሞው ውል ቀን፣ የሚቋረጥበት ቀን፣ ቁልፍ ያስረከቡበት ቀን፣ የሚመለስ ቅድሚያ ክፍያ መጠንና «ከዚህ ቀን በኋላ ተከራዩ ከውሉ ግዴታ ነጻ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኑር። ይህ ዓረፍተ ነገር ከሌለ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው። ሁለተኛው በአከራዩና በአዲሱ ተከራይ መካከል የሚደረግ አዲስ ውል ሲሆን እርስዎ ፈራሚ አይሆኑበትም፤ ዋስም እንዳይሆኑ ይጠንቀቁ። «አንተ ስለምታውቀው ዋስ ሁንለት» ሲባል እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ግን ዋስ ከሆኑ በአንድ በር ወጥተው በሌላው ተመለሱ ማለት ነው።

ከዚያ ሁሉም ሰው ወደ ወረዳ ይሂድ። የድሮው ውል እዚያ ተመዝግቦ ከሆነ መቋረጡ እንዲታወቅ ይደረግ፣ አዲሱ ውል ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ። ይህን ለአከራዩ ብቻ ትተው ሐዋሳ ከሄዱ ነገሩ ለወራት ሊንከባለል ይችላል፤ ከመሄድዎ በፊት ቢፈጸም ይመረጣል።

ገንዘቡም የራሱ ወጥመድ አለው። በአዋጁ መሠረት ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ በምሳሌያችን 36,000 ብር ነው። አዲሱ ተከራይ ቅድሚያውን ለአከራዩ ሳይሆን ለእርስዎ ሰጥቶ፣ አከራዩም የእርስዎን ቅድሚያ እንዳትመልስ የሚደረግ «ማካካስ» ፈጣን ቢመስልም አልመክረውም። አንዱ ቅር ቢለው ገንዘቡን ማን ለማን እንደከፈለ የሚያሳይ ነገር አይኖርም። አዲሱ ሰው ለአከራዩ በባንክ ወይም በቴሌብር ይክፈል፤ አከራዩ 3,000 ብሩን ቀንሳ ቀሪውን 33,000 ብር በዚያው ቀን ወደ እርስዎ ሂሳብ ታስገባ። ከተተኪው ቀብድ በእጅዎ አይቀበሉ።

የመብራቱንና የውሃውን ቆጣሪ ንባብ ቁልፍ በሚሰጡበት ሰዓት ፎቶ ያንሱ፣ አዲሱ ተከራይም አብሮ ይየው። ቢሉ ከወር በኋላ የሚመጣ ከሆነ በንባቡ መሠረት ግምቱን አስልተው ለአከራዩ ይተዉ። ካርድ ከሆነ ቀሪውን ለተተኪው ይተዉለት፣ ለዚህ አይከራከሩ። የኢንተርኔት መስመር በስምዎ ከሆነ ያዘጉ ወይም ወደ አዲሱ ሰው ያዛውሩ፤ የጥበቃና የጽዳት ክፍያም እስከ የካቲት መከፈሉን ከኮሚቴው ደረሰኝ ይውሰዱ።

ተተኪ ሳይገኝ የካቲት 10 ቢደርስስ? ቁልፉን ይስጡ፣ ርክክቡን ይፈራረሙ፣ ደረሰኙን ይያዙ፣ ቤቱን ለማሳየት ፈቃድ በጽሑፍ ይውሰዱ። አከራዩ ጉዳቷን ለመቀነስ መጣር ስላለባት፣ ያቀረቧቸውን ሰዎች ስምና ያቀረቡበትን ቀን ጽፈው ያስቀምጡ። ሁሉንም ያለምክንያት ከመለሰች ኋላ የ28 ቀን ኪራይ ሲጠየቁ የሚያቀርቡት ይህንኑ ዝርዝር ነው።