የሰኞ ስብሰባ መክፈቻ ሲንዛዛ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በምሠራበት የኮምቦልቻ ዱቄት ፋብሪካ የጥገና ክፍሉን ስረከብ የሰኞ ጠዋት ስብሰባችን 2:15 ይጀመራል ይባል ነበር። ወደ ሥራው ጉዳይ የምንገባው ግን 2:35 ገደማ ነው። አሥራ አንድ ሰዎች ነን፤ ማሽኑ ቆሞ እኛን ይጠብቃል። መክፈቻዬን በጽሑፍ አዘጋጅቼ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል መናገር ስጀምር ነገሩ ተስተካከለ። በመንገዴ ላይ ያጋጠሙኝን ብልሽቶች እንደሚከተለው አስቀምጣለሁ።

ምልክት፦ መክፈቻው ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል

ከደሴ የሚነሳው ሰርቪስ ሐረጎን ሲወርድ ጉም ከያዘው ይዘገያል። እኔ መናገር እንደጀመርኩ በሩ ይከፈታል፤ «እንደምን አደራችሁ» ይባላል፤ «ኖር» ብሎ የሚነሳ አለ፤ ወንበር ይሳባል። ከዚያ «እያልኩ የነበረው...» ብዬ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። በሩ እንደገና ይከፈታል።

ጥፋቱን ሁሉ ለረጅም ጊዜ በአርፋጆቹ ላይ ጥዬ ነበር። እውነተኛው መንስኤ ግን የዕለቱ ጉዳይ ያለው በእኔ አፍ ብቻ መሆኑ ነው፤ ያልሰማ ሰው እንዲያውቀው ካስፈለገ መድገም ግድ ይሆናል። መፍትሄው ሰዎች ከመግባታቸው በፊት የዕለቱን ጥያቄ በጥቁር ሰሌዳው ላይ በአንድ መስመር መጻፍ ነው። የዘገየው ሰው አንብቦ ይቀመጣል፤ እኔም አልደግምም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሰርቪሱ ደጋግሞ ከዘገየ ሰዓቱን ራሱን ወደ 2:30 አዛውሩት። ጉምን በጽሑፍ ማስተካከል አይቻልም።

ምልክት፦ ሰላምታው ጊዜውን ይበላል፣ ሲቆረጥ ደግሞ ቤቱ ይቀዘቅዛል

ወሎ ውስጥ የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ መግባት ያስቀይማል። ይህን ሳላስተውል በመጀመሪያው ጽሑፌ ሰላምታውን ከነአካቴው አወጣሁት። አንድ ሰኞ እናቱን ቀብሮ የተመለሰ ባልደረባችን ከፊቴ ተቀምጦ ሳለ ስለ ኩሽኔታ መናገር ጀመርኩ። ያን ቀን ማንም አልተናገረም፤ እኔም እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መንስኤው ጽሑፉ ለሰው ጉዳይ ቦታ አለማስቀረቱ ነበር። አሁን አሥር ደቂቃ ቀድሜ እገባለሁ፤ ሻይ ይቀርባል፤ የቤት ጥያቄው ሁሉ እዚያ ያልቃል። በጽሑፉ ውስጥ ደግሞ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ለለቅሶ ወይም ለደስታ ክፍት ነው። «ፈጣሪ ያጽናህ» እላለሁ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አሜን» ይላል። ለቅሶ ለመድረስ በስንት ሰዓት አብረን እንደምንሄድ እዚያው እናገራለሁ። ሐዘኑ ከከበደ የቀረውን ትቼ ስብሰባውን ለማግስቱ አሻግራለሁ።

ምልክት፦ ከመክፈቻው በኋላ ዝምታ

«አስተያየት ያለው?» ብሎ መጨረስ ነው መንስኤው። ለሁሉም የቀረበ ጥያቄ የማንም አይደለም፤ ታናሹ ታላቁን ይጠብቃል። የመጀመሪያውን ተናጋሪ ከዋዜማው ንገሩት፤ በመክፈቻው መጨረሻ ላይ በስሙ ጥሩት።

የአንድ ሰኞ መክፈቻዬ፣ ስሞቹን ትቼ፣ እንዲህ ነበር፦

«እንደምን አደራችሁ። ባልደረባችን ሴት ልጅ ተወልዳለታለች፤ እንኳን ደስ አለህ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ እንለያያለን። ባለፈው ሰኞ የሁለተኛውን ወፍጮ ኩሽኔታ እንቀይራለን ብለን ነበር፤ ተቀይሯል። የማጓጓዣው ቺንጋ ግን አልተቀየረም። ዛሬ የምንወስነው አንድ ነገር ነው፦ አዲሱ ቺንጋ እስኪመጣ አሮጌውን እየጠገንን እንሥራ ወይስ መስመሩን እናቁም? ከመጋዘን እንጀምር፤ እርስዎ ይንገሩን።»

በስልኬ ለክቼዋለሁ፤ አንድ ደቂቃ አይሞላም። የማይለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው፦ ሰላምታ፣ የሰው ጉዳይ፣ የመለያያ ሰዓት፣ ያለፈው ሳምንት ቃል፣ የዛሬው ውሳኔ፣ የመጀመሪያው ተናጋሪ። ያልተፈጸመውን ቃል ከተፈጸመው እኩል በግልጽ ተናገሩ፤ እኔ ልደብቀው የሞከርኩበት ሳምንት ሁሉም ያውቁት ነበር።

ምልክት፦ ከወር በኋላ ማንም አያዳምጥም

ብዙ ጊዜ መንስኤው «የዛሬው ውሳኔ» በሚለው ቦታ «የሥራ አፈጻጸማችንን እናሻሽል» የመሰለ ነገር መግባቱ ነው። ይህ ውሳኔ አይደለም፤ ሁለት አማራጭ የለውም። በዚያ ሳምንት የሚወሰን ነገር ከሌለ እውነቱን ተናግራችሁ ስብሰባውን አሳጥሩ። መክፈቻው መስራቱን የማረጋግጠው ከስብሰባው ስንወጣ ነው፤ በር ላይ በጣም ዘግይቶ የገባውን ሰው «ዛሬ ምን ወሰንን?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። ስለ ቺንጋው ከነገረኝ ደህና ነው፤ ወደ ጎን ካየ ግን ለሚቀጥለው ሰኞ ያን መስመር እንደገና እጽፈዋለሁ።