ልብ ወለዱን እያወቁ ግማሽ ነጥብ ማግኘት፦ እኛ እንዴት ፈታነው

ደሴ ላይ የማስጠናው ልጅ ልብ ወለዱን ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል። የሥነ ጽሑፍ ፈተናው ግን ሁሌ ከግማሽ በታች ነበር። ረዘም አድርጎ ጻፈ፤ ወፍ የለም። ጥቅስም ሸመደደ፣ እሱም ጠብ አላለለት።

የሠራልን፣ ከመጻፉ በፊት የጥያቄውን የትእዛዝ ግስ ማስመር ነው። ለልምምድ ያወጣሁለት ጥያቄ ይሄ ነበር፦ «ደራሲው የድርቁን ስጋት በወንዙ አማካኝነት እንዴት እንደፈጠረ ተንትን። (10 ነጥብ)»

መጀመሪያ የጻፈው ቦርከና እንደጎደለ፣ ከብቶቹ እንዳለቁ፣ ቤተሰቡ ወደ ኮምቦልቻ እንደወረደ ነው። ሁሉም ልክ ነው፤ ግን የ«ግለጽ» መልስ ነው። «ተንትን» ሲባል ፈታኙ ታሪኩን ያውቀዋል፤ ነጥብ የሚሰጠው ደራሲው ምን ዘዴ እንደተጠቀመና ዘዴው አንባቢው ላይ ምን እንደሚፈጥር ላሳየው ነው።

ሁለተኛው ሙከራ፦ «ወንዙ መጀመሪያ ይጮኻል፣ መሀል ላይ ያንሾካሹካል፣ መጨረሻ ላይ ድምፁ ጭራሽ አይነሳም። ስለዚህ ‹ድርቅ› የሚል ቃል ሳናይ ስጋቱ ይሰማናል።» አጭር ነው፣ ግን ነጥቡ ያለው እዚህ ነው።

«ገምግም» ከሆነ ይሄም አይበቃም፤ ዘዴው ተሳክቷል ወይ የሚል ፍርድ ከነማስረጃው ይጨመርበታል። አንዳንድ መምህር ደግሞ «አብራራ» ብሎ ትንተና ይጠብቃል፤ አጠገቡ «እንዴት» ካለና ነጥቡ ከፍ ካለ እንደ «ተንትን» ያዙት።

መፈተሻው ቀላል ነው፦ አንቀጹ ውስጥ «ከዚያ» ከበዛ እየተረካችሁ ነው።