ቀስ ብሎ ለሚሸጥ መለዋወጫ የመጠባበቂያ ክምችት ስሌት እንዴት ተስተካከለ

አንድ ኩሽኔታ በ24 ወር የተሸጠው 6 ፍሬ ብቻ ነው፤ ከአቅራቢው ለመድረስ ደግሞ 4 ወር ይፈጃል። ሲስተሙ የሚተነብየው በ3 ወር አማካይ ስለነበር፣ በአንድ ወር 2 ሲሸጥ የ4 ወሩ ፍላጎት ወደ 3 ይጠጋል። ሦስት ባዶ ወራት ሲከታተሉ ግን ትንበያው ዜሮ ይሆንና ሲስተሙ ማዘዝ ያቆማል። መደርደሪያው ባዶ የሚቀረውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

የ3 ወሩን አማካይ ትተን 24ቱንም ወር ወሰድን። 6 ለ24 ሲካፈል በወር 0.25፣ በ4 ወር 1 ፍሬ ይሆናል። ቀጥሎ በኤክሴል፦

```
=POISSON.DIST(3,1,TRUE)
```

መልሱ 0.981 ነው፤ ይህም በ4 ወር ውስጥ የሚፈለገው ከ3 ፍሬ የማይበልጥበት ዕድል ነው። በ3 ፈንታ 2 ሲገባ 0.920 ስለሚሰጥ ዕቃው ሳይጎድል የመቆየት ዕድሉ 95 በመቶ እንዲሆን ለያዝነው ግብ አይበቃም። ስለዚህ በእጅ ያለውና የታዘዘው ተደምሮ 3 ሲደርስ አንድ ይታዘዛል፤ ከሦስቱ 1ዱ ለ4 ወሩ አማካይ ፍላጎት ሲሆን 2ቱ መጠባበቂያ ናቸው።

ከዚህ በፊት ግን የወርሃዊው ሽያጭ ቫሪያንስ፣ ማለትም ከወር ወር የመዋዠቁ መጠን፣ ይታይ፤ ፖይሰን የሚሠራው ቫሪያንሱ ከአማካዩ ጋር ሲቀራረብ ነውና። እዚህ 0.27 ስለሆነ ከአማካዩ ጋር ተቀራራቢ ነው። አንድ ደንበኛ በአንዴ 4 የሚወስድ ከሆነ ቫሪያንሱ ከአማካዩ በብዙ ይበልጣል፤ ያኔ ፖይሰን ክምችቱን ያሳንሳል። ሌላው፣ የሚቆጠረው ደረሰኝ ብቻ ሳይሆን «የለም» ተብሎ የተመለሰ ጥያቄም ጭምር ነው።