አንጀቴ አረረ ብለው ቢጽፉ ሐኪም ሲጠሩልዎ፦ የትርጉም መሣሪያ ስህተትና መላው

ጎንደር ፒያሳ ላይ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ እተረጉማለሁም። ጥምቀት ሲደርስ እንግዳ ይበዛል። ያን ጊዜ በስልክ የተተረጎመ መልእክት ይዞ «አስተካክልልኝ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ብዙው ችግር አንድ ዓይነት ነው።

ምልክት፦ መልሱ ከጻፉት ጋር አይገናኝም

አንዲት ክፍል የሚያከራዩ እናት ለውጭ አገር እንግዳ እንዲህ ጻፉ፦ «ልጄ፣ የሦስት ሌሊት ብሬን በላኸኝ። አንጀቴ አረረ። ሁለተኛ ደጄ እንዳትደርስ፣ ገደል ግባ።» እንግዳው ደንግጦ መለሰ። ሐኪም አይተው እንደሆነ ጠየቀ፣ ቀጥሎም «ለምን ሊገድሉኝ ፈለጉ?» አላቸው።

እንግሊዝኛውን አየሁት። «በላኸኝ» የምግብ መብላት ሆኗል። «አረረ» የተቃጠለ አንጀት ሆኗል። «ገደል ግባ» ደግሞ ከገደል የመግባት ትእዛዝ ሆኖ ተቀምጧል። እኛ ዘንድ «ከፊቴ ጥፋ» ማለት ነው፣ የግድያ ማስፈራሪያ አይደለም። ያላወቀ ሰው ግን ለፖሊስ ሊያሳየው ይችላል። በኋላ እንደተረዳነው እንግዳው ገንዘቡን ለአስጎብኚው ሰጥቶት ነበር።

ምክንያት

መሣሪያው በአብዛኛው የሚማረው በሁለት ቋንቋ ተጽፈው ጎን ለጎን ከተቀመጡ ጽሑፎች ነው። በአማርኛ ከሚገኙት ብዙዎቹ መጽሐፍ ቅዱስ ነክና ዜና ናቸው። እዚያ ውስጥ «በላ» በአብዛኛው እንጀራ መብላት ነው። የሰፈር ስድብ አይገኝም፤ ቢገኝም ክፉ ቃል ያለበት ዓረፍተ ነገር ከማሠልጠኛው ተጣርቶ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ «አፍንጫህን ላስ» ሲደርሰው አፍንጫን መላስ ብሎ ያወጣዋል። ስድቡ ጨዋታ ይመስላል።

በእንግሊዝኛም ያው ነው። አንድ አስጎብኚ ወጣት የፋሲል ግንብን ካስጎበኛት እንግዳ የአድናቆት ጽሑፍ ደረሰው። እሷ «ባድአስ» ብላዋለች፣ ቆፍጣና ጎበዝ ነህ ማለቷ ነው። ስልኩ «መጥፎ አህያ» አለው። ልጁ ቀኑን ሙሉ አኩርፎ ዋለ። የቃሉ መጨረሻ በድሮው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ አህያ ማለት ነው። መሣሪያው ቃሉን ከፋፍሎ ሲያነበው አህያዋን ያገኛል።

መፍትሄ

«መልሼ ወደ አማርኛ አስተረጎምኩት፣ ልክ ነው» የሚሉኝ ያበሳጩኛል። በፈሊጥ ላይ ይህ ፈተና ያታልላል! «አንጀቴ አረረ» የተቃጠለ አንጀት ሆኖ ይሄዳል፣ ሲመለስም «አንጀቴ ተቃጠለ» ይሆናል። እርስዎ አማርኛ ስለሚያውቁ ትክክል ይመስልዎታል። እንግሊዝኛው አንባቢ ግን ሕመም ነው ያየው።

የሚሠራው መንገድ ይህ ነው። ከመተርጎምዎ በፊት ፈሊጡን በግልጽ አማርኛ ይቀይሩት። የእኚያን እናት መልእክት እንዲህ አደረግነው፦ «የሦስት ሌሊት ሂሳብ ሳትከፍለኝ ሄደሃል። በጣም ተናድጃለሁ። ከእንግዲህ ወደ ቤቴ አትምጣ።» ይህንን መሣሪያው ያለ ችግር አሳለፈው። «በላኸኝ» ላይ የነበረው የማጭበርበር ክስ ግን በዚህ አይወጣም፣ ከፈለጉ «አጭበርብረህ» ብለው ይጨምሩ።

ፈሊጥ መኖሩን እንዴት ያውቃሉ? አንጀት፣ ሆድ፣ ልብ፣ ዓይን፣ አፍ፣ አፍንጫ ያለበትን መስመር ሁሉ ያቁሙ። ከነዚህ አንዱ «በላ»፣ «አረረ»፣ «ወጣ» ከሚል ግስ ጋር ከተገናኘ ቃል በቃል አይደለም ብለው ይጀምሩ። «ዓይን አውጣ» ይቆጠርልኝ፣ ዓይን የወጣበት ሰው ሆኖ አይቻለሁ።

ለስላሳው ስህተት

ከሁሉ የከፋው አስቂኝ ሳይሆን የሚወጣው ነው። «ሙድ ያዘብኝ» ማለት አላገጠብኝ ነው። «ሙድ» የሚለውን ስሜት ብሎ ሲይዘው «ስሜቴን ተረዳልኝ» ወደሚል ሊያመራ ይችላል። ዓረፍተ ነገሩ ለስላሳ ነው፣ ማንም አይጠራጠርም። ትርጉሙ ግን ተገልብጧል። የአራዳ ቃል ያለበትን መስመር ለብቻው አውጥተው ያስተርጉሙ፣ ከዚያ በሌላ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይክተቱት። ትርጉሙ ከተለዋወጠ መሣሪያው እየገመተ ነው።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

የማያውቁት የሰው ስም ከታየ «ጀለስ»ን ስም አድርጎት ይሆናል። «ይበላል» ጠብቆ ይነበብ ወይስ ላልቶ በጽሑፍ ስለማይለይ፣ በይው ማንና ተበይው የቱ እንደሆነ ያረጋግጡ። «አንቱ» በእንግሊዝኛ ይጠፋል።

ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤት ወይም ለቪዛ ከሆነ

መሣሪያውን አይጠቀሙ። ስድቡን በአማርኛው ፊደል እንዳለ ያስቀምጡ፣ ሰው ይተርጉመው። ከጎኑም ስድብ ነው ወይስ ማስፈራሪያ፣ በሰፈሩ በምን ያህል ክብደት እንደሚወሰድ በአንድ መስመር ያስጽፉ።