መኪና ሲሰረቅ ለኢንሹራንስ የሚጻፈው ደብዳቤ፣ እና የቁልፉ ጥያቄ

ደብዳቤው ራሱ አንድ ገጽ አይሞላም። ክፍያ የሚያዘገየው አብሮት የሚያያዘው ወረቀት ነው። የኢንሹራንስ ሠራተኛው የፖሊስ ማስረጃውን፣ ሊብሬውን እና ስለ ቁልፍ የጻፋችሁትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው የሚያነበው። አንዱ ከሌላው ካልገጠመ ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ይተኛል።

ከሁሉ በፊት ፖሊሲያችሁን አውጡና እዩ። የገባችሁት ሶስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ ለስርቆት አይከፍልም። እሱ እናንተ በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት ነው። ሙሉ ሽፋን ወይም ስርቆትን የሚያካትት ውል ካላችሁ ግን ስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ እንዳለባችሁ ተጽፎላችኋል። መሰረቁን ባወቃችሁበት ቀን ስልክ ደውሉ፤ ደብዳቤው ይከተላል።

ለምሳሌ አንዲት ነጭ ቪትዝ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ባለቤቷ ቤት በር ላይ ቆማ አድራለች እንበል። ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቆለፋት። ረቡዕ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሲወጣ የለችም።

ፖሊስ ጋ

መኪናው በተሰረቀበት አካባቢ ወዳለው ጣቢያ ሂዱ። የሻንሲ እና የሞተር ቁጥሩን ይዛችሁ ብትደርሱ ይበጃል። ታርጋ በደቂቃ ይነቀላል፤ ሻንሲ ላይ የተመታውን ቁጥር ማጥፋት ግን ጊዜ ይወስዳል። ከድሬዳዋ የወጣ መኪና ደንገጎን አልፎ ሐረር ለመድረስ ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ኬላዎች ጋ ቶሎ ቢደርስ ጥሩ ነው።

ማስረጃው ሲጻፍ ሁለት ነገር ተከታተሉ። አንደኛው ሰዓቱ ነው። የቪትዟ ባለቤት ቃሉን ሲሰጥ «ጥቅምት 12 ተሰረቀች» ብሎ፣ ደብዳቤው ላይ «ጥቅምት 13» ቢጽፍ ሁለቱም ውሸት አይደሉም፤ ግን አይገጥሙም። የተሰረቀችበትን ደቂቃ ማንም አላየም። ስለዚህ የሚያውቀውን ብቻ ይናገር፦ በመጨረሻ ያየኋት በዚህ ሰዓት፣ መጥፋቷን ያወቅሁት በዚህ ሰዓት። የኢንሹራንስ ውል ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ እና በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ ደብዳቤው ላይ ሁለቱንም ቀን አስቀምጡ። ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት እ.ኤ.አ. ጥቅምት (ኦክቶበር) 22 ቀን 2024 ነው። ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ከተሰረቀ ይህ ትልቅ ጉዳይ ይሆናል።

ሁለተኛው የወንጀሉ ስም ነው። መኪናውን ይዞ የጠፋው የቀጠራችሁት ሹፌር ወይም ያዋሳችሁት ዘመድ ከሆነ ፖሊስ ጉዳዩን «እምነት ማጉደል» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ይሄ ከ«ስርቆት» ሌላ ወንጀል ነው፤ ስርቆትን የሚሸፍን ውል እምነት ማጉደልን ላይሸፍን ይችላል። እውነቱን መቀየር አይቻልም፣ አትሞክሩትም። ግን ውላችሁን ቀድማችሁ አንብቡት፣ መልሱ ሲመጣ ዱብ ዕዳ እንዳይሆንባችሁ።

ሊብሬው

ሊብሬው በእጃችሁ እና በስማችሁ ከሆነ ቀላል ነው። ኮፒውን አያይዙ፣ ዋናውን ለማመሳከር ያዙ። ችግር የሚመጣው ሊብሬው መኪናው ውስጥ አብሮ ሲሄድ ነው። ያኔ ለፖሊስ ስትናገሩ ሊብሬው አብሮ መጥፋቱን አስመዝግቡ፣ ከዚያ የመኪናው ፋይል ካለበት ትራንስፖርት ቢሮ የባለቤትነት ማረጋገጫ ጠይቁ። መኪናው ሌላ ከተማ ከተመዘገበ ፋይሉም እዚያ ነው። በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ ዋናው ሊብሬ ባንክ ነው ያለው፤ ካሳውም ቀድሞ የሚመለከተው ባንኩን ስለሆነ ባንኩም ይወቅ።

መኪና ገዝቶ ስም ሳያዞር የሚነዳ ሰው እዚህ ጋ ይቸገራል። ሊብሬው የሻጩን ስም፣ ፖሊሲው የእናንተን ስም ይላል። የሽያጭ ውሉን አያይዙ፣ ግን ጥያቄ እንደሚነሳ ጠብቁ።

ቁልፉ

ኢንሹራንሶች ሁሉንም ቁልፍ ይጠይቃሉ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሁለት ቁልፍ ያለው ሰው አንዱን ብቻ ካመጣ ሌላው የት ነው ይባላል፤ መኪናውን ራሱ ሸጦ ቁልፉን ለገዢው ሰጥቶ ሊሆን ይችላላ። ቁልፉ ቺፕ ያለው ዘመናዊ መኪና ከሆነ ጥያቄው ይከብዳል። ያለ ቁልፉ በቀላሉ ስለማይነሳ፣ ቁልፎቹ ሁሉ እናንተ ጋ ካሉ በምን ሄደ ይሏችኋል። ተጎትቶ ሄዶ ሊሆን ስለሚችል ጎረቤት ወይም የሰፈሩ ጥበቃ ሌሊት የሰማው ነገር ካለ ለፖሊስ ይናገር።

የቪትዟ ባለቤት ሲገዛት ሁለት ቁልፍ ተቀብሏል። አንዱ ኪሱ ውስጥ አለ። ሌላው ወንድሙ ጋ ሳቢያን ነው። ባለፈው ዓመት ደግሞ መጋላ አካባቢ ቁልፍ ቀራጭ ጋ አንድ አስቀርጿል፤ እሱ ጠፍቶበታል። ሦስተኛውን ዝም ልበለው ብሎ ያስባል። ስህተት ነው። ዋናው ቁልፍ ተኮርጆ እንደሆነ ላዩ ላይ የመቅረጫ ማሽኑ ጭረት ሊቀር ይችላል፤ መርማሪው ይህን አይቶ ቢጠይቅ እና እናንተ ያልጻፋችሁት ሆኖ ቢገኝ፣ ከጠፋው ቁልፍ ይልቅ ዝምታው ነው የሚጎዳችሁ። መግለጫው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

> መኪናውን ስገዛ 2 ቁልፍ ተቀብያለሁ። አንደኛው በእኔ እጅ፣ ሁለተኛው በወንድሜ እጅ ነበሩ፤ ሁለቱንም ከዚህ ጋር አስረክባለሁ። በ2016 ዓ.ም. አንድ ተጨማሪ ቁልፍ አስቀርጬ ነበር፤ በዚያው ዓመት ጠፍቶብኛል፤ የት እንደጠፋ አላውቅም። መኪናውን ጥቅምት 12 ምሽት ስለየው በሮቹን ቆልፌ ቁልፉን ይዤ ገብቻለሁ። ከተጠቀሱት ሌላ ቁልፍ የለም።

ቁልፉን መኪናው ላይ ረስታችሁ ሱቅ ገብታችሁ ከሆነም እንደዚያው ጻፉ። ብዙ ውሎች «ተገቢ ጥንቃቄ» የሚል አንቀጽ ስላላቸው ክርክር ሊነሳ ይችላል። ቢሆንም ለፖሊስ አንድ ነገር፣ ለኢንሹራንስ ሌላ ነገር ከመናገር ይሻላል።

ቁልፎቹን ስታስረክቡ ብዛታቸው የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ። ፎቶም አንሱ።

ደብዳቤው

> ቀን፦ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
> ለ……… ኢንሹራንስ፣ ድሬዳዋ ቅርንጫፍ
> ጉዳዩ፦ የተሰረቀ ተሽከርካሪ የካሳ ጥያቄ
>
> በፖሊሲ ቁጥር ……… የተሸፈነው፣ ታርጋ ………፣ ሻንሲ ቁጥር ………፣ ሞተር ቁጥር ……… የሆነው ቪትዝ መኪናዬ ከጥቅምት 12 ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ከዚራ ከቆመበት ተሰርቋል። ለ……… ፖሊስ ጣቢያ ጥቅምት 13 ቀን አመልክቼ በመዝገብ ቁጥር ……… ተመዝግቧል። በውላችን መሠረት ካሳ እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ።
>
> አባሪ፦ የፖሊስ ማስረጃ … ገጽ፣ የሊብሬ ኮፒ … ገጽ፣ የቁልፍ መግለጫ 1 ገጽ፣ ቁልፍ 2
> ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

የምትፈልጉትን የገንዘብ መጠን ባትጽፉ ይሻላል። ሲከፈል መነሻ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ መኪናው በተሰረቀበት ጊዜ የነበረው የገበያ ዋጋ ነው፤ ከውሉ ጣሪያም አያልፍም።

ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤት ስጡ፣ ሌላው ላይ ማህተም እና ቀን አስመቱበት። በኋላ «ዘግይተሃል» ሲሏችሁ የምታሳዩት እሱን ነው። ፖሊስ ገና እያጣራ ከሆነ ማስረጃው እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ደብዳቤውን አስገቡና «የፖሊስ ማስረጃ ሲደርሰኝ አያይዛለሁ» ብላችሁ ጻፉበት። አንዳንድ ጣቢያ ማስረጃ የሚሰጠው ኢንሹራንሱ በደብዳቤ ሲጠይቅ ስለሆነ ያንን ደብዳቤ እዚያው እንዲጽፉላችሁ ጠይቁ።

መኪናው ከተገኘ በዚያው ቀን ለኢንሹራንሱ አሳውቁ። ካሳ ሳትቀበሉ ከተገኘ ጥያቄው ወደ ጥገና ይቀየራል። ሙሉውን ካሳ ከተቀበላችሁ በኋላ ከተገኘ ግን መኪናው የኩባንያው ነው፤ የስም ዝውውሩን ወረቀት ካሳውን ስትቀበሉ ፈርማችሁበት ይሆናል።